አስሩ በመጀመሪያ

ሙንጂያ ማህዲያ በምትባል የባሕር ጠረፍ ከተማ፣ ወደቡ ዳር ባለው የሰርዲን ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት የዓሣ ጭንቅላት ስትቆርጥ ኖረች። በሃያ ሰባተኛው ዓመት ባልደረቦቿ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ አድርገው መረጧት። ሹመቱ ደመወዝ የለውም፤ ያለው ስብሰባ፣ የማያልቅ ስልክና በየኮሪደሩ የሚወረወር ነገር ነው። እሷ እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ የመግባት ሐሳብ አልነበራትም። ጎትታ ያስገባቻት ኻልቲ ዱጃ ናት።

ኻልቲ ማለት በአገሩ አክስቴ ማለት ነው፤ ዱጃን ደግሞ በፋብሪካው ውስጥ ከሥራ አስኪያጁ በቀር አክስቴ የማይላት የለም። ሥልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሠላሳ ዘጠኙን እዚያው ሰርዲን ፊት ቆማ ነው የጨረሰችው። ሙንጂያ ሥራ በጀመረችበት ቀን የቢላዋ አያያዝ ጠፍቷት ስታለቅስ፣ ቢላዋውን እጇ ላይ ያስተካከለችላት እሷ ናት። ድምፅዋ ከማሽኑ በላይ ይሰማል፣ ቀልዷም አያልቅም። አንድ ነገር ብቻ ያሳፍራታል፤ አራት የፊት ጥርሶቿ ከወደቁ ወዲህ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እጇ ደግሞ ሁልጊዜ ዓሣ ዓሣ ስለሚል፣ "በገዛ ሽታዬ ልሞት ነው!" እያለች ትስቅና እንደገና ትሸፍናለች። ጥርስ ሠሪው አምስት መቶ ስልሳ ዲናር ብሏታል። "ጭማሪው ይምጣ እንጂ፣ ያን ጊዜ አፌን ከፍቼ ነው የምስቀው" ማለት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት።

ጭማሪው እነሆ ሊመጣ ነበር። በዚያ አገር ደመወዝ ለአንድ ዓመት ብቻ ተነጋግረው አይጨርሱትም፤ ማኅበሩና አሠሪው ይቀመጡና የሦስት ዓመቱን በአንድ ወረቀት ይፈራረማሉ። ከፈረሙ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ማጉረምረም እንጂ መነጋገር የለም። ስለዚህ ውሉ በሚያልቅበት ዓመት ዲሴምበር ሲገባ መቶ አርባው ሠራተኛ ዓይኑን ከዓሣው አንሥቶ ወደ ላይኛው ፎቅ ቢሮ መስኮት መወርወር ይጀምራል።

ቢሮው የሥራ አስኪያጁ የሲ መህሬዝ ነው፤ ሲ በአገሩ አቶ እንደማለት ነው። ሲ መህሬዝ ክፉ ሰው አይደሉም። ሰው ሲታመም ይጠይቃሉ፣ ለበዓል ዘይት ያድላሉ። ብቻ ገንዘብ ሊያወጡ ሲሉ ፊታቸው የታመመ ሰው ፊት ይሆናል። ከእሳቸው ፊት ለፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ የተቀመጡት ሙንጂያና ሄዲ ናቸው። ሄዲ የጣሳ መቀቀያው ክፍል ኃላፊ ነው፤ በማኅበሩ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ስለቆየ፣ ለሙንጂያ ድርድር የሚባለውን ነገር የማስተማር አደራ እንዳለበት ያምናል። ትምህርቱ በአብዛኛው "አንቺ ዝም በይ፣ እኔ ልናገር" የሚል ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሲ መህሬዝ ያቀረቡት በአንደኛው ዓመት አራት በመቶ፣ በሁለተኛው ስድስት፣ በሦስተኛው አስር ነበር፤ ግን ሦስቱም ዛሬ ባለው በስምንት መቶ ዲናር የወር ደመወዝ ላይ የሚሰላ። ሠላሳ ሁለት፣ አርባ ስምንት፣ ሰማንያ፤ በሦስተኛው ዓመት ደመወዙ ዘጠኝ መቶ ስልሳ። ሄዲ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ዘለለ።

"አይሆንም! የሁለተኛው ዓመት ስድስት በመቶ በአንደኛው ዓመት ደመወዝ ላይ ነው የሚሰላው። የሦስተኛው ደግሞ በሁለተኛው ላይ። እያንዳንዱ በፊተኛው ላይ ይቆማል እንጂ፣ ሁሉም መሬት ላይ ተቀምጦ እንዴት ነው?"

እውነቱን ነበር። በዚህችው ነጥብ ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተሟገቱ። ጠረጴዛ ተደበደበ፣ ሻይ ቀዘቀዘ፣ ሄዲ ሁለት ጊዜ በሩን ወርውሮ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ኮፍያውን ረስቶ ተመለሰ። በመጨረሻ ሲ መህሬዝ በታመመ ፊታቸው "እሺ" አሉ። መጀመሪያ ዓመት ስምንት መቶ ሠላሳ ሁለት፣ ከዚያ ስምንት መቶ ሰማንያ አንድ ዲናር ከዘጠኝ መቶ ሃያ ሚሊም፣ በሦስተኛው ዘጠኝ መቶ ሰባ ዲናር ከመቶ አሥራ ሁለት ሚሊም። ሺህ ሚሊም አንድ ዲናር ነው፤ ሄዲ ግን ሚሊሟን ከዲናሩ አስበልጦ ነበር የሚጠራት። በዚያ ምሽት ካፌ ውስጥ "አስር ዲናር ከመቶ አሥራ ሁለት!" እያለ ያልነገረው ሰው አልነበረም። በቅርቡ የተዳረ አንድ የዓሣ አጥማጅ ልጅ እንኳ ስለ ሙሽሪት ሳይሆን ስለ ሄዲ መቶ አሥራ ሁለት ሚሊም ሲሰማ አመሸ።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ሙንጂያ በግቢው ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ አቆመችና ሦስቱን ቁጥሮች በጠመኔ ጻፈች። 4፣ 6፣ 10። ነጭ ሽርጥ የለበሱት ሴቶች ዳቦአቸውንና ሃሪሳ የሚሉትን የበርበሬ ድልህ እንደያዙ ከበቧት።

"መጨረሻ ላይ ስንት ይሆናል?" አለች አንዷ።

"ዘጠኝ መቶ ሰባ ዲናር ከመቶ አሥራ ሁለት ሚሊም!" ብሎ ሄዲ ቀደማት።

ጭብጨባ ሆነ። ሁሌም እንደዚህ ነው፤ በግቢው ውስጥ የሚጠየቀው ደመወዙ የት ይደርሳል ነው። ጭማሪው ከዓመት ዓመት እያደገ መሄዱም ሴቶቹን ደስ አሰኛቸው። አንዷ "ጣፋጩን ለመጨረሻ ማስቀመጥ ነው እንጂ!" አለች፤ ሌላዋ ከአሁኑ ለሦስተኛው ዓመት ማቀዝቀዣ ልትገዛ ተነሣች።

ከኋላ የዱጃ ድምፅ መጣ።

"አንቺ ሙንጂያ! አስሩ መቼ ነው ያልሽው?"

"በሦስተኛው ዓመት፣ ኻልቲ።"

"እኔስ መቼ ነው የምወጣው?"

ሁሉም ያውቃል። ዱጃ በሚመጣው ዓመት ዲሴምበር መጨረሻ ሥልሳ ሁለት ይሞላትና ጡረታ ትወጣለች። ከሦስቱ ዓመት የሚደርሳት የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ያውም ከሁሉ ትንሹ።

"አራቷን ለእኔ፣ አስሩን ለወደቡ ድመቶች በሉኛ!" አለች። "ሠላሳ ሁለት ዲናር! እሷን ዳቦና መብራት ይበላታል። ጥርሴንስ? ጥርሴን ሰርዲኑ ይግጠምልኝ?"

ሳቅ ፈነዳ። እሷም አብራ ሳቀች፣ አፏን ሸፈነች። ሄዲ ግን ከነገ ፊርማ በፊት ነገሩ እንዳይበላሽበት ቸኮለ።

"ኻልቲ ዱጃ፣ በአላህ ይዤሻለሁ! ውሉ የሚጻፈው ላንቺ ጥርስ አይደለም፣ ለመቶ አርባ ሰው ነው። ሰው ለራሱ ብቻ አያስብም።"

ሳቁ ቆመ። ዱጃ ዳቦዋን በወረቀት ጠቅልላ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችና ወደ ቢላዋዋ ተመለሰች። ሙንጂያ ጠመኔዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ለሌላው ስትጮህ የኖረች ሴት ናት፤ "ለራሷ ብቻ" የተባለችው አንድ ቀን ስለ ራሷ ስትናገር ነው።

ከሰዓት በኋላ ሙንጂያ ብቻዋን ደረጃውን ወጣች። ሲ መህሬዝ ቢሮ ውስጥ ሒሳብ ሹሙ ኒዛርም ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ ቀጭን ወጣት ነው።

"ሲ መህሬዝ፣ ውሉ ነገ ነው የሚፈረመው አይደል? አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አስሩን በመጀመሪያው ዓመት፣ አራቷን በመጨረሻው ብናደርገውስ?"

ሲ መህሬዝ ፈገግ አሉ። ፊታቸው ጤነኛ ሆነ።

"ልጄ፣ ምን ለውጥ አለው? ነይ እዪ።" የሒሳብ ማሽኑን ወደሷ አዞሩና በጣታቸው ቀስ እያሉ መቱ። "ስምንት መቶ። አስር በመቶ ጨምሪ፣ ስምንት መቶ ሰማንያ። ስድስት በመቶ ጨምሪ፣ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሁለት ከስምንት መቶ ሚሊም። አራት በመቶ ጨምሪ፣ ስንት መጣ?"

ሙንጂያ አነበበች። ዘጠኝ መቶ ሰባ ከመቶ አሥራ ሁለት።

"እኩል ነው" አለች ሳታምን።

"እስከ ሚሊሟ ድረስ!" አሉ ሲ መህሬዝ። "ማባዛት ነው፤ የትኛው ይቅደም የትኛው ይከተል አይገደውም። ወደዚህ ገልብጪው፣ ወደዚያ ገልብጪው፣ አንድ ነው። በከንቱ አትድከሚ።"

ከኒዛር በኩል የሆነ ሳል ተሰማ፤ ቀና ብሎ ግን አላየም። ሙንጂያ አፍራ ወረደች። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጠ ሰው እንደዚህ ነው፤ ማሽን ሲያሳዩት ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

ዱጃ ቤት ከፋብሪካው ጀርባ፣ ከመርከብ መጠገኛው አለፍ ብሎ ነው። ሙንጂያ ከሥራ መልስ ስትገባ ዱጃ በረንዳው ላይ ተቀምጣ አተር ትፈለፍላለች። ኩርፊያዋ ገና አልወጣላትም፤ ሻዩን ግን አስቀድማ ጥዳለች።

"ጠየቅሁልሽ" አለች ሙንጂያ። "ግን ኻልቲ፣ እኩል ነው። አስሩ ቢቀድምም ቢከተልም መጨረሻው አንድ ነው። በዓይኔ አየሁት፣ እስከ ሚሊሟ።"

ዱጃ አተሩን ትታ አየቻት።

"እኩል ለማን?"

"ለሁሉም። ዘጠኝ መቶ ሰባ..."

"የኔ ልጅ፣ አንቺና ያ ሄዲ የምታወሩት ስለ መድረሻው ነው። እሺ፣ ትደርሳላችሁ፣ ይድረሳችሁ። እኔ መንገድ ላይ ነው የምወርደው። እስክወርድ ድረስ ምን በላሁ ነው የኔ ጥያቄ።" አንድ እፍኝ አተር ሳህኑ ላይ ጣለች። "ደግሞስ እናንተ መንገድ ላይ አትበሉም? ሦስት ዓመት ጾማችሁ ነው እዚያ የምትደርሱት?"

ሙንጂያ ሻዩን ወደ አፏ አስጠግታ አቆመችው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛ ሲደበደብ፣ የመጨረሻውን ደመወዝ እንጂ እስከዚያ ድረስ በየወሩ እጅ የሚገባውን ማንም አልደመረውም። ሄዲም፣ እሷም፣ ያጨበጨቡትም ሴቶች። ሁሉም ዓይኑን ጫፉ ላይ ሰቅሎ ነበር።

"ካርቶን አለሽ?" አለች።

ዱጃ የማካሮኒ ካርቶን ቀድዳ ሰጠቻት። ሙንጂያ እርሳስ አወጣች። በማሽኑ ፊት አፈረች እንጂ ሒሳብስ አያቅታትም፤ የሣጥን ክብደት ስትደምር የኖረች ሴት ናት። መጀመሪያ ሄዲ ያሸነፈበትን ጻፈች፤ የያንዳንዱን ዓመት ወር ደመወዝ በአሥራ ሁለት እያባዛች። ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አራት። አስር ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ ሦስት ከአርባ ሚሊም። አሥራ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ አንድ ከሦስት መቶ አርባ አራት። ደመረችው። የሦስት ዓመቱ ገቢ ሠላሳ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ስምንት ዲናር ከሦስት መቶ ሰማንያ አራት ሚሊም ሆነ።

ከዚያ ገለበጠችው። አስር፣ ስድስት፣ አራት። አስር ሺህ አምስት መቶ ስልሳ። አሥራ አንድ ሺህ አንድ መቶ ዘጠና ሦስት ከስድስት መቶ ሚሊም። ሦስተኛው ያው የቀድሞው። ድምሩ ሠላሳ ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ዘጠና አራት ከዘጠኝ መቶ አርባ አራት።

አንዱን ከአንዱ ቀነሰች። ተሳስታ እንደሆን ብላ ደግማ ቀነሰች።

"ኻልቲ፣ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ስድስት ዲናር ልዩነት አለው። በላዩ ላይ ደግሞ ከግማሽ ዲናር የሚበልጥ ሚሊም አለው።"

"ለኔ?"

"ላንቺማ የመጀመሪያው ዓመት ነው፣ በወር አርባ ስምንት፣ በዓመት አምስት መቶ ሰባ ስድስት። ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ስድስቱ ለያንዳንዷ ነው! ለማቀዝቀዣ ገዢዋም፣ ለኔም፣ ለሄዲም!"

ዱጃ እጇን ወደ አፏ ልትወስድ ጀምራ መንገድ ላይ ረሳችው። "አምስት መቶ ሰባ ስድስት" አለች ቀስ ብላ። "ጥርሱ አምስት መቶ ስልሳ ነው። አሥራ ስድስት ዲናር ይተርፋል።"

ሙንጂያ ካርቶኑ ጥግ ላይ አንድ ሌላ ሒሳብ ሠራች። ሄዲ ሁለት ሳምንት የተዋጋላት ድል በሦስት ዓመት ውስጥ ለአንድ ሰው ስንት እንደምታስገባ። መቶ አርባ አራት ዲናር ከሦስት መቶ ሰማንያ አራት ሚሊም ወጣ። ያንን ጥግ ቀድዳ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ለሄዲ የሚነገር አይደለም።

በማግሥቱ ጠዋት ውሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ጠበቃቸው። ሄዲ ክራባት አድርጓል። ሲ መህሬዝ የራሳቸውን ብዕር ለሙንጂያ ሰጧት፤ ተቀበለችና አስቀመጠችው።

"ሲ መህሬዝ፣ ትናንት አስሩ ቢቀድምም ቢከተልም እኩል ነው ብለውኛል አይደል?"

"እስከ ሚሊሟ ብዬሻለሁ።"

"እኔም አየሁ፣ እውነትዎን ነው። ለእርስዎ እኩል ከሆነ ታዲያ ገልብጠን እንጻፈው። አስር፣ ስድስት፣ አራት።"

ከታች የጣሳ ማሸጊያው ድምፅ ይሰማል። ኒዛር ብዕሩን አስቀምጦ ወደ ኮርኒሱ ማየት ጀመረ፤ ፈገግታውን የሚደብቅበት ቦታ ጠፍቶት ነበር።

ሄዲ በሹክሹክታ፣ "ምን ነካሽ? እኩል ከሆነ ምን አስቸገረሽ?" አላት።

ካርቶኑን ሰጠችው። ሄዲ መነጽሩን አጥልቆ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ከላይ ወደ ታች አነበበ፣ ከታች ወደ ላይ አነበበ። ከዚያ ክራባቱን ፈታ፤ የሚያውቁት ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ።

"ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ስድስት!" አለና ተነሣ። "በያንዳንዳችን ራስ! መቶ አርባ ራስ! እኔ እዚህ ለሚሊም ስጮህ እርስዎ..."

"ሄዲ፣ ተቀመጥ" አለች ሙንጂያ። "አንተ ዝም በል፣ እኔ ልናገር።"

ሄዲ ተቀመጠ። ለምን እንደተቀመጠ ኋላም ገርሞት ይናገር ነበር።

የሲ መህሬዝ ፊት ታሟል፤ ግን አልዋሹም። "አልደበቅሁሽም፣ ሙንጂያ። አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ መጨረሻው ደመወዝ ነው፣ እሱ እኩል ነው። ለፋብሪካው ግን እኩል አይደለም፣ ይገባኛል። የአዲሱ ቀዝቃዛ ክፍል ዕዳ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ነው የሚያልቀው። ለዚያ ነው ትልቁን ወደ ኋላ ያደረግሁት።"

"እንዲህ ብለው ቢነግሩን ምን ነበረበት?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ይህም እውነት ነበር። ሙንጂያ ፈገግ አለች። ንዴቷ ሲወርድ ተሰማት፤ ከሰውየው ጋር ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ጣራ ሥር ኖራለች።

"እንግዲህ መሐል ላይ እንገናኝ" አሉ ሲ መህሬዝ። "ስድስት፣ አስር፣ አራት። አስሩን አንድ ዓመት አመጣሁልሽ።"

ሄዲ ወደ ብዕሩ እጁን ዘረጋ። ሙንጂያ እጁን በእጇ ከደነችው። በስድስት በመቶ ዱጃ የምታገኘው በወር አርባ ስምንት ብቻ ነው፤ ዳቦና መብራቱ ሠላሳ ሁለቱን ከበሉ በኋላ የሚተርፋት አሥራ ስድስት ነው፣ በዓመት መቶ ዘጠና ሁለት። ያ አንድ ተኩል ጥርስ እንኳ አይሞላም።

"አስሩ መጀመሪያ ነው" አለች። "ከእሱ አልወርድም። ከዚያ በኋላ ግን እርስዎ ይተንፍሱ። ሁለተኛውን ዓመት አራት ያድርጉት፣ ዕዳዎን ይክፈሉ። ስድስቷን በሦስተኛው ይስጡን።"

ሲ መህሬዝ ኒዛርን አዩት። ኒዛር ማሽኑን ቶሎ ቶሎ መታ፤ ስምንት መቶ ሰማንያ፣ ዘጠኝ መቶ አሥራ አምስት ከሁለት መቶ፣ ዘጠኝ መቶ ሰባ ከመቶ አሥራ ሁለት። የሦስት ዓመቱ ድምር ሠላሳ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ሦስት ከሰባት መቶ አርባ አራት። አሁን ጠረጴዛው ላይ ካለው ውል ለያንዳንዱ ሠራተኛ ዘጠኝ መቶ ሰባ አምስት ዲናር ከሦስት መቶ ስልሳ ሚሊም ይበልጣል፤ ሙንጂያ መጀመሪያ ከጠየቀችው ሁለት መቶ አሥራ አንድ ከሁለት መቶ ያንሳል።

"ሁለተኛው ዓመት ላይ ይቀላል" አለ ኒዛር። "የመጀመሪያውን እንችላለን። ብዙ ሰርዲን ከመጣ።"

"ካልመጣስ?"

"ካልመጣ በአራትም አንችልም፣ ሲ መህሬዝ።"

ሲ መህሬዝ በድንገት ሳቁ፤ ሙንጂያ እሳቸው ገንዘብ እያወጡ ሲስቁ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። "በገዛ አፌ አሰርሽኝ እኮ" አሉ። "እኩል ነው አልኩ፣ አበቃ።"

"የምንተወው ሁለት መቶ አሥራ አንድ የኔ ብቻ አይደለም" አለች ሙንጂያ እየተነሣች። "ለሰዎቹ ሳልነግር አልፈርምም።"

በምሳ ሰዓት ሰሌዳው እንደገና ቆመ። ሙንጂያ በዚህ ጊዜ የመጨረሻውን ደመወዝ ጥግ ላይ በትንሹ ጻፈችና፣ የሦስቱን ዓመት ድምር በትልቁ መሐል ላይ አኖረችው። የትኛው ምን እንደሚያስገባ፣ ምን እንደተገኘና ምን እንደተተወ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ማቀዝቀዣ ገዢዋ ጣቷን አወጣች።

"ማለት ማቀዝቀዣውን ዘንድሮ ልገዛ ነው?"

"ገንዘቡን ቀድመሽ ካልበላሽው።"

ሄዲ ጉሮሮውን ጠራረገ። በመቶ አርባው ሰው ፊት ወደ ዱጃ ዞረ። ክራባቱ ከኪሱ ተንጠልጥሏል።

"ኻልቲ" አለ፤ "ትናንት ለራስሽ ብቻ ነው ያልኩሽ... አንቺ ባትጠይቂ ኖሮ እኔ ይኼኔ እየፈረምኩ ነበር። ይቅር በይኝ።"

"የፈለግሁት ጥርስ ነው፣ ምን ይቅርታ አመጣብኝ?" አለች ዱጃ፤ ዓይኗ ግን ረጥቧል። "በል እጅ ይነሣ፣ ዳቦዬ ደረቀ።"

እጅ ተነሣ። ዱጃ ሁለቱንም እጆቿን አነሣች። አንዱን አውርጂ ሲሏት "ይኼኛው የጡረታዬ ነው" ብላ እንቢ አለች።

ዓመቱ እንደማንኛውም ዓመት አለፈ። ሰርዲን በብዛት የመጣበት ወር ነበር፣ በማዕበል ጀልባ ያልወጣበት ሳምንትም ነበር። ደመወዙ ግን በየወሩ ስምንት መቶ ሰማንያ ሆኖ ወጣ። ዱጃ ደመወዝ በተቀበለች ቁጥር አርባ ስምንት ዲናር ባዶ የሰርዲን ጣሳ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ጣሳውን ቁም ሣጥኑ ላይ አውጥታ፣ ሙንጂያ ስትመጣ ታወርድና ታሳያታለች። ሠላሳ ሁለቱን ዳቦና መብራት በላው። አርባ ስምንቱን ግን ማንም አልነካውም።

በዲሴምበር መጨረሻ፣ የዱጃ የመጨረሻ ቀን፣ ሠራተኛው ሁሉ በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። ሲ መህሬዝ የግድግዳ ሰዓት ሰጧት፤ በፋብሪካው ለጡረተኛ የሚሰጠው ሁልጊዜ ሰዓት ነው፣ ምክንያቱን የሚያውቅ የለም። ዱጃ ሰዓቱን በብብቷ ይዛ፣ በሌላኛው እጇ መቅሩድ የሚሉት የቴምር ጣፋጭ የሞላበት ትሪ ተሸክማ መሐል ቆመች። መቅሩዱ ገና ማር ይንጠባጠባል፤ ቴምሩ ይሸታል።

"ብሉ" አለች። "ከጥርሱ የተረፈችው አሥራ ስድስቷ ዲናር ነች።"

ሙንጂያ አንድ አነሣች።

ሄዲም አነሣ። አኝኮ ሳይጨርስ፣ "ኻልቲ፣ ሰዓቱስ ምን ያደርግልሻል? ከእንግዲህ የምትዘገዪበት ቦታ የለሽም!" አላት።

ዱጃ ሳቀች። ከማሽኑ በላይ የሚሰማው ያ የድሮ ሳቋ ነው፤ ከግቢው ጫፍ ያሉት ሴቶች ምኑን እንደሆነ ሳይሰሙ አብረው ሳቁ። ሙንጂያ የምታየው እጇን ነበር። ትሪውን የያዘችበት እጅ እንደ ልማዱ ወደ ላይ ሊሄድ ትንሽ ነቃ አለ፣ ከዚያ እዚያው ትሪው ሥር ቀረ።